በልኩ፣ በቀኑ፦ ለሱፍ ሰፊ የሚሆን መሪ ቃል

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት ከፍቻለሁ። ለሠርግና ለምርቃት በልክ ሱፍ እንሰፋለን። ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። አሁን ታፔላ ላሠራ ነው። ‹ጥራት መለያችን ነው› ላስጽፍ ስል ጓደኛዬ ‹ይሄማ ዳቦ ቤትም ላይ አለ› አለኝ። ምን ቢጻፍ ይሻላል ይላሉ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጓደኛህ እውነቱን ነው። ያንን ጽሑፍ ከአንተ ታፔላ አንስተህ ፋርማሲ በር ላይ ብትሰቅለው ማንም አይገረምም። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውም እንደዚያው ነው። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ሰው ብዙ ቦታ ስላየው ዓይኑን ሳያሳርፍበት ያልፈዋል። እኔ ለማስታወቂያ ጽሑፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የማደርገው የሱቁን ስም በእጄ መሸፈን ነው። ስሙ ተሸፍኖም የቀረው ቃል ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ካልነገረኝ እጥለዋለሁ።

ስለዚህ ቃል ከመፈለጋችን በፊት ደንበኛህን እናስበው። ዝግጁ ሱፍ የሚገዛ ሰው ሱቅ ገብቶ ለብሶ ያየዋል፣ መስታወት ፊት ይዞራል፣ ከፍሎ ይወጣል። ቀን አይቆጥርም። የሚቸገረው ልኩ ላይ ነው። ትከሻው ልክ ሲመጣለት ወገቡ ሰፊ ይሆናል፤ ወገቡ ሲስማማው እጅጌው ይረዝማል። አንተ ጋ የሚመጣው ሰው ግን ገና ጨርቅ ለሆነ ነገር ቀብድ ይከፍላል። ልኩን እንደምታስተካክልለት ያምናል፤ የመጣውም ለዚያ ነው። የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። «ነገ ና» መባልን ይፈራል። «ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው» መባልን ይፈራል። ይህንን ፍርሃት የሱፍ ሰፊ ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፣ ታፔላ ላይ ግን ሲነሳ አይታይም።

ፍርሃቱ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በእናንተ አካባቢ ሠርግ በሁለት ሰሞን ይታጨቃል። አንደኛው ጥር ነው። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ነው። በኦርቶዶክሱ ዘንድ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ አይደገስም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ድግሱ ሁሉ እነዚያ ሳምንታት ላይ ይወድቃል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲያችሁ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተመራቂዎች በአንድ ሰሞን ይመጣሉ። ሰፊው የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ገበያውን ማን ይመልሳል? ከዚያ ግን አንዱን ኮት ትቶ ሌላውን ይጀምራል፣ ሁለቱም ይዘገያሉ።

ሙሽራውና ተመራቂው በዕድሜም በኪስም ሊለያዩ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ፤ ቀናቸው አይገፋም። ለሙሽራው የጥሪ ካርዱ ታትሟል፣ አዳራሹም ተከፍሎበታል። የተመራቂው ቤተሰብ ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ ተነስቶ መንገድ ላይ ነው። ሱፉ በማግስቱ ቢደርስ የቱንም ያህል ቢያምር አይጠቅምም። እንግዲህ የአንተ መሪ ቃል ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ ከዝግጁ ሱፍ የሚለይህን ልክና ከሌላው ሰፊ የሚለይህን ቀን።

የእኔ ሐሳብ ይኸው፦

«የሠርግና የምርቃት ሱፍ። በልኩ፣ በቀኑ።»

መሪ ቃሉ ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሥራህን ይናገራል። «በልኩ» ሲባል ሰውነትን የተከተለ ማለት ነው። ነገሩ በሥርዓቱ ተሠራ ሲባልም ይኸው ቃል ይመጣል። «በቀኑ» ደግሞ የቀጠሮው ቀንም የክብሩ ቀንም ነው። ሁለቱም በ«በ» ጀምረው በካዕብ ያልቃሉ፣ ስለዚህ አፍ ላይ አብረው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ስልክ ላይ «የት ነው ያሰፋኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳይደናቀፍ ሊለው የሚችለው ነገር ነው። ለሬዲዮ ወይም ለቲክቶክ ረዘም ያለ ከፈለግህ «በልክዎ ተሰፍቶ፣ በቀንዎ ይደርሳል» ማለት ትችላለህ። በግጥማችን የወል ቤት የሚባለው ስድስት ስድስት ቀለም ይዞ መሃል ላይ ያርፋል፤ ይህም ሲነበብ እንደዚያው ስለሚወርድ ለጆሮ አይከብድም። ታፔላ ላይ ግን አጭሩ ይሻላል።

አሁን ራስህ ሌላ ቃል መሞከር ብትፈልግ ልትጠነቀቅባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የልብስ ስፌት ቃላት በአማርኛ ወጥመድ አላቸው።

መጀመሪያ «ይሰፋል» የሚለውን ተወው። ስንናገር ጠበቅና ላላ አድርገን እንለየዋለን። ፊደሉ ግን አንድ ነው። «ሱፍ በጥራት ይሰፋል» ብለህ ብትጽፍ አንዱ የሚሰፋ ሱፍ ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ደግሞ ሰፊ የሚሆን፣ የሚላላ ሱፍ ብሎ ያነበዋል። ሱፍ በልክ እሰፋለሁ ለሚል ሰው ከዚህ የባሰ ንባብ የለም። «እንሰፋለን» ትንሽ ይሻላል፣ እሱም ግን ስንወፍር የምንለው ነው። «የተሰፋ» ወይም «ተሰፍቶ» ካልህ ችግሩ ይጠፋል።

ሁለተኛው «ልክ» ነው። ጥሩ ቃል ነው፣ ነገር ግን «ልክዎን እናውቃለን» ብትል ስድብ ይሆንብሃል። «ልክህን እወቅ» እና «ልኩን አሳየሁት» የሚሉት አነጋገሮች ጆሮ ውስጥ አሉ። አንባቢው ሳያስበው ወደዚያ ይሄዳል። «በልክዎ» እና «በልኩ» ሲሆን ግን ያ ጥላ አይከተለውም፣ ምክንያቱም የሚያውቅም የሚያሳይም የለም፤ ልብሱ ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው ማንን እንደምታናግር ነው። «ቀንህን አድምቅ» ብለህ ብትጽፍ ሴቷን ተመራቂ አስቀረሃት። ዛሬ ደግሞ ኮትና ሱሪ የምታሰፋ ተመራቂ ሞልታለች። ከሙሽራው ጋር የሚመጡትን አባትና አጎትም «አንተ» አልህ ማለት ነው። «እርስዎ» ካልህ ደግሞ ለሃያ ሁለት ዓመቱ ተማሪ ትንሽ ይርቅበታል። ስለዚህ ነው ሰውየውን ሳላናግር ልብሱን እንዲናገር ያደረግሁት። «በልኩ፣ በቀኑ» ለወንድም ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል።

«በከተማችን አንደኛ» እና «ተወዳዳሪ የሌለው» ዓይነቱንም እንድትተወው እመክርሃለሁ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አንደኛነትህን ማስረጃ አምጣ ብትባል በምን ታሳያለህ? ከሕጉም ሌላ ደንበኛው ራሱ አያምነውም። ቀን ላይ የተሰጠ ቃል ግን ማንም ሰው በዓይኑ ሊፈትሸው ይችላል። ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው።

ግን ይህ ጉልበት ወደ አንተም ይዞራል። «በቀኑ» ብለህ ጽፈህ አንድ ሙሽራ ብታስቀር ታፔላው ራሱ ይመሰክርብሃል። ስለዚህ ከመጻፍህ በፊት ቁጥሩን አብረን እንየው። እናንተ ሦስት ናችሁ። አንድ ሰው አንድ ኮትና ሱሪ ከመቁረጥ እስከ መተኮስ ሦስት የሥራ ቀን ይፈጅበታል እንበል። የአንተ ቤት ቁጥር ሌላ ከሆነ በራስህ ቀይረው። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራችሁ ሦስታችሁ 18 የሥራ ቀን አላችሁ። ይህ በሳምንት ስድስት ሱፍ ነው። አንድ ሙሽራ ከአራት ሚዜ ጋር ሲመጣ አምስት ሱፍ ይዞ መጣ ማለት ነው። አየህ፣ አንድ ሠርግ ሙሉ ሳምንታችሁን ሊበላ ትንሽ ነው የቀረው። የዚያኑ ሳምንት ሁለተኛ ሠርግ ከተቀበልህ፣ ቀደም ብለህ ካልጀመርህ በቀር፣ ከሁለቱ አንዱ ይዘገያል። መብራት ከጠፋ፣ አንዱ ሰፊ ከታመመ ደግሞ ሁለቱም ይዘገያሉ።

ስለዚህ ቃሉን የሚጠብቅልህ ደብተር ነው። አንድ ትልቅ ደብተር ውሰድና እያንዳንዱን ሳምንት አንድ ገጽ አድርገው። በየገጹ ስድስት መስመር ብቻ አስምር። መስመሩ ሲሞላ ሳምንቱ ሞልቷል። ሰው ቢለምንህ እንኳ ሰባተኛ መስመር አትጨምር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቀብድ ሲከፍል ትንሽ ካርድ ስጠው። ካርዱ ላይ ሦስት ቀን ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ፕሮቫ፣ የሁለተኛው ፕሮቫና የመረከቢያው ቀን። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ፕሮቫ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ፣ ሁለተኛውን አሥር ቀን ሲቀር፣ መረከቢያውን አምስት ቀን ሲቀር አደርገዋለሁ። አምስቱ ቀን ለአንተ መተንፈሻ ነው። ለሙሽራውም ሰላም ይሰጠዋል።

ሁለተኛውን ፕሮቫ እንዳታስቀረው። ሙሽራ ከሠርጉ በፊት ባለው ወር ሲሮጥ ይከሳል። ልኩን በጾም ለክተህ ለፋሲካ ማግስት ከሰፋህ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥምሃል። ፕሮቫ ላይ መጀመሪያ ትከሻውን እይ። የእጅጌው ስፌት ትከሻው አጥንት ጫፍ ላይ መውደቅ አለበት። ከዚያ ኮቱን ቆልፈው። ቁልፉ ዙሪያ ጨርቁ ወደ ጎን ተወጥሮ መስመር ከሠራ ጠቧል። ወገብና እጅጌ በኋላ ይስተካከላል፤ ትከሻ ከተሳሳተ ግን ኮቱን ከመፍታት ሌላ መላ የለውም። «በልኩ» ያልህበትን ቃል የምትጠብቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሚዜዎች አንድ ነገር ልጨምር። የሚዜዎችን ሱፍ በሙሉ ከአንድ ጣቃ ቁረጥ። አንዱ ሚዜ ዘግይቶ መጥቶ ከሌላ ጣቃ ከተቆረጠለት፣ ቀለሙ ሱቅ ውስጥ አንድ መስሎ ፎቶ ላይ ይለያል። ስለዚህ የዘገየ ሚዜ ካለ ጨርቁን አስቀድመህ ለክተህ አስቀምጥለት። ለመሪ ቃልህም ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ሚዜዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያላገቡ ናቸው። የሚቀጥለው ሙሽራ ከእነሱ መሃል ነው የሚወጣው። ሱፉን የምታስረክብበት መሸፈኛ ላይ «በልኩ፣ በቀኑ» ከነስልክ ቁጥርህ ቢታተም፣ በሠርጉ ጠዋት ሙሽራው የሚለብስበት ክፍል ውስጥ አራት አምስት መሸፈኛ ተሰቅሎ ይታያል። ያ ክፍል ከታፔላህ በላይ ይሠራልሃል።

ለምርቃት ሰሞን ደግሞ ከዋናው ሳትርቅ አንድ ተጨማሪ ቃል ልትጠቀም ትችላለህ፦ «የምርቃት ሱፍ፣ ከነምርቃቱ።» ገበያ ላይ «መርቂልኝ» ስንል ትንሽ ጨምሪልኝ ማለታችን ነው። ወላጅም ልጁን ይመርቃል። ሦስቱም ትርጉም ለተመራቂው ያምርበታል። ነገር ግን ወረቀት ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ለአንድ ሰሞን ይሁን እንጂ ታፔላ ላይ አታውጣው፤ በጥር ሙሽራ ሲመጣ ትርጉም አይኖረውም።

ይህንን ካልህ ግን የእውነት የምትመርቀው ነገር ይኑር። እኔ ክራቫት አልመርጥም። በምርቃቱ ቀን ኮቱን ጋዋኑ ይሸፍነዋል። የሚታየው የሸሚዙ ኮሌታ፣ የክራቫቱ ቋጠሮና የሱሪው ጫፍ ነው። ሱፉ ራሱ የሚታየው ከዚያ በኋላ፣ ተመራቂው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሄድ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ወር ሊያልፍ ይችላል፤ የተማሪ ሰውነት ደግሞ ካፌውን ለቆ ቤት ሲገባ ይለወጣል። ስለዚህ ምርቃቱ «በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ በነጻ እናስተካክላለን» ቢሆን ይሻላል። ይህ እንዲቻል ሲቆረጥ በሱሪው የኋላ ስፌትና በኮቱ ጎን ውስጥ በየወገኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ ተው። ከውጭ አይታይም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ሲከፈት ሱሪው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ተመራቂው ለቃለ መጠይቁ ሲመጣ ገበሩን ገልጠህ ያንን ጨርቅ አሳየው። ያን ጊዜ «ከነምርቃቱ» ያልኸው ምን እንደሆነ በእጁ ይነካዋል።

ወደ ታፔላው እንመለስ። መጀመሪያ ከሱቅህ ማዶ ቆመህ ርቀቱን ለካ። በታፔላ ሥራ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ሦስት ሜትር ርቀት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የፊደል ቁመት ነው። መንገዱ 15 ሜትር ከሆነ ፊደልህ ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ባያንስ ጥሩ ነው። የእኛ ፊደል እግሩና ቅጥያው ብዙ ስለሆነ ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ አይከፋም። ባጃጅ ላይ ያለ ሰው የሚያይህ ለጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ይታይ፤ ስምህ፣ «የሠርግና የምርቃት ሱፍ» እና «በልኩ፣ በቀኑ»። ስልክ ቁጥሩ ከታች ትንሽ ሆኖ ይግባ። የመቀስ፣ የመርፌ፣ የቀለበትና የምርቃት ቆብ ሥዕል አንድ ላይ ካስገባህ ፊደሉ ይጠብብሃል። አንድ ሥዕል ይበቃል፤ እሱም ባይኖር ምንም አይደል።

አጻጻፍህም አንድ ይሁን። «ሠርግ» ብለህ ከጀመርህ በታፔላውም፣ በካርዱም፣ በመሸፈኛውም «ሠርግ» ይሁን። ታፔላ ሠሪው በራሱ ልማድ «ሰርግ» ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። በሁለት ዓይነት ከወጣ ሰው በልክ ይሠራል ብሎ አያስብህም። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ጽሑፉን በወረቀት አትሞ እንዲያሳይህ ጠይቅና እያንዳንዱን ፊደል በጣትህ እየነካህ አንብብ።

አንድ ቀላል ሙከራ ደግሞ ብረቱ ሳይቆረጥ አድርግ። ሥራህን ለማያውቁ አምስት ሰዎች በስልክ «የሠርግና የምርቃት ሱፍ፣ በልኩ፣ በቀኑ» በላቸውና ሌላ ወሬ አውራ። በማግስቱ ደውለህ ምን እንዳልሃቸው ጠይቅ። አብዛኞቹ ሁለቱን ቃላት ከመለሱልህ ይዘዋታል ማለት ነው። «ቶሎ ይሠራል» ብለው ከመለሱልህ ግን ሌላ ነገር ሰምተዋል። አንተ ቃል የገባኸው በቀጠሮው ቀን ለማድረስ ነው። በችኮላ የሚመጣ ደንበኛ ደግሞ ደብተርህን ያፈርሰዋል። እንዲህ ከሆነ «በቀኑ» የሚለውን «በቀጠሮው» አድርገው። ዜማው ትንሽ ይቀንሳል፣ መልእክቱ ግን አይሳሳትም።

ደብተሩን ገና ያልጀመርህ ከሆነ ታፔላውን ዛሬ አታሠራ። መጀመሪያ አንድ የሠርግ ሰሞን በካርዱና በስድስቱ መስመር ሥራ። በዚያ ሰሞን ስምህንና «የሠርግና የምርቃት ሱፍ» የሚለውን በባነር አውጣ፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ሰሞኑ ሲያልቅ ደብተሩን ገልጠህ ስንቱ በካርዱ ቀን እንደወጣ ቁጠር። ሁሉም በቀኑ ከወጡ ብረቱን አስቆርጥ። የዘገየ ካለ ምን እንዳዘገየው ከጎኑ ጻፍ፤ ጨርቅ ነው፣ ሰፊ ነው ወይስ ፕሮቫ ላይ ያልመጣ ደንበኛ? ያንን ሳታስተካክል «በቀኑ» የሚለውን ቃል አትስቀል።